ለንግድ ሕንፃ የትራንስፎርመር አመራረጥ፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፊውዝ ለሚበጠስባችሁ

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞች አዲስ ሕንፃ ካስገነቡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ አንድ ነው። ትራንስፎርመሩ አዲስ ነው፣ ጭነቱ ግማሹን እንኳ አይሞላም፣ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ምሰሶው ላይ ያለው ፊውዝ ይበጠሳል። ሁለቴ ሦስቴ ከተቀየረ በኋላ አንዱ "ወፍራም አድርገው" ይላል፤ በሚቀጥለው ደግሞ የሰፈሩ መብራት አብሮ ይጠፋል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዙ ላይ አልተጀመረም። የትራንስፎርመሩ መጠን፣ ኢምፒዳንሱና ፊውዙ ለየብቻ ስለተመረጡ የመጣ ነው። ከዚህ በታች ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ አንድ ጂ+4 ሕንፃ ይዤ ከጭነት ቆጠራ እስከ ኃይል ማስገባት እሄዳለሁ። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር እየተካችሁ ተከተሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ነገር በእጃችሁ ይኑር።

1. በሕንፃው አጠገብ የሚያልፈው መስመር ቮልቴጅ። ከተማ ውስጥ 15 ኪሎ ቮልት የተለመደ ነው፤ ከከተማ ወጣ ሲል 33 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል። ከምሰሶው ስኒ ብዛት አትገምቱ፤ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በጽሑፍ ተቀበሉ።
2. በዚያው ቅርንጫፍ መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ትራንስፎርመሮች መጠን፣ እንዲሁም ቅርንጫፉ ከዋናው መስመር በሚገነጠልበት ቦታ ያለው ፊውዝ መጠንና ዓይነት። ይህን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ደረጃ 5 ላይ ግን ነገሩን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው።
3. የቦታው ከፍታ። ደብረ ማርቆስን 2,400 ሜትር ብላችሁ ያዙት።
4. የተከራዮች ዝርዝር። "ሱቅ" ብቻ ተብሎ አይበቃም፤ ዳቦ ቤት ነው፣ ጨርቅ ቤት ነው፣ እንጀራ የሚጋገርበት ነው?

ማስጠንቀቂያ፦ በምሰሶው ላይ ፊውዙን የያዘውን ድሮፕ አውት መክፈትም ሆነ መዝጋት የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኞች ወይም ፈቃድ ያለው የመካከለኛ ቮልቴጅ ባለሙያ ሥራ ነው። የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን የሚነካው ከዝቅተኛው ቮልቴጅ ዋና ብሬከር ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ጭነቱን ቁጠሩ፣ ከዚያ አብሮ የሚሠራውን ለዩ

በመጀመሪያ የተገጠመውን ሁሉ ደምሩ። በምሳሌአችን ሕንፃ 14 ሱቆች በ1.5 ኪሎዋት 21፣ ካፌና ዳቦ ቤቱ ከነምድጃውና ከቡና ማሽኖቹ 38፣ ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በ3.5 ኪሎዋት 21፣ ሦስት ፎቅ ቢሮ 60፣ ሊፍት 11፣ የውኃ ፓምፕ 7.5፣ የደረጃና የውጭ መብራት 8 ነው። ድምሩ 166.5 ኪሎዋት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ትራንስፎርመር ይገዛል። እናንተ ግን እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ጊዜ ምን ያህሉን እንደሚጠቀም ጠይቁ። ሱቆቹ መብራትና ፍሪጅ ናቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይበራሉ፤ 0.8 አድርጓቸው። ቢሮው ሶኬቱ ብዙ፣ ሥራው ግን ጥቂት ኮምፒውተር ነው፤ 0.5 ይበቃዋል። ካፌው 0.7፣ ሊፍትና ፓምፑ 0.7፣ የጋራ መብራቱ ሙሉ።

ምጣዱን ግን አትቀንሱ ማለት ይቻላል። ጋጋሪዎቹ ስድስቱንም ጎህ ሳይቀድ አንድ ላይ ያግላሉ፤ ምጣድ ደግሞ ግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። 0.8 አድርጉት።

እነዚህን ስትደምሩ 111 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። ምጣዱ የሚግልበት ሰዓትና ቢሮው የሚሞላበት ሰዓት ስለማይገጥም በ0.9 አባዙት፤ 100 ኪሎዋት ይሆናል። በፓወር ፋክተር 0.9 ሲካፈል 111 ኬቪኤ። ለወደፊት 25 በመቶ ጨምሩና 139 ኬቪኤ ላይ ቁሙ።

ቢሳሳትስ? በየመስመሩ መጠባበቂያ አትጨምሩ። ለሱቁ ትንሽ፣ ለቢሮው ትንሽ፣ በመጨረሻም "ለክፉ ቀን" 30 በመቶ እያሉ የጨመሩ ሰዎች 139 የነበረውን 300 አድርሰውት አይቻለሁ። መጠባበቂያ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ይጨመራል። ሕንፃው ቀድሞውኑ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ግምቱን ተዉትና ዋናው ገመድ ላይ ለአንድ ሳምንት መዝጋቢ መለኪያ አስሩ።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ከከፍታው ጋር ወስኑ

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት 100፣ 200 እና 315 ኬቪኤ ናቸው። ለ139 የሚስማማው 200 ነው፤ ከ25 በመቶው ዕድገት በኋላም 70 በመቶ ላይ ይቀመጣል።

የሕንፃው ባለቤት ግን "አንተ ልጅ፣ 315ቱን እንግዛና እንገላገል" ማለታቸው አይቀርም። "ጋሼ፣ ሦስት ደረጃ ይታገሡኝ" በሏቸው።

ከፍታው ሁለት ነገር ይነካል። አንደኛው ማቀዝቀዣ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የሚወስድበት አቅም ስለሚቀንስ፣ በዘይትና በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ የተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ በአንድ ዲግሪ ይቀነሳል። በ2,400 ሜትር ይህ አራት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ የደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ያካክሰዋል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት መጠን አትጨምሩ።

ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፦ የውጭው የአየር መከላከያ ርቀት፣ ማለትም ኃይል ያለበት ክፍል ከሌላው በአየር የሚለይበት ርቀት። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ይጨምራል፤ ለእኛ 14 በመቶ ነው። ትዕዛዙ ላይ "የሚተከልበት ከፍታ 2,500 ሜትር" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ይህች መስመር ካልተጻፈች የሚመጣው ለ1,000 ሜትር የተሠራ ነው። ብሬከሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ መደበኛ ደረጃቸው እስከ 2,000 ሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ የአምራቹን የቅነሳ ሠንጠረዥ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ብክነቱን በዓመት አስሉ

ትራንስፎርመር ሁለት ዓይነት ብክነት አለው። የብረት እምብርቱ ብክነት ትራንስፎርመሩ ከመስመር እስከተገናኘ ድረስ፣ ሱቁ ተዘግቶ ዘበኛው ሲያንቀላፋም፣ ሳይለዋወጥ ይቀጥላል። የጥቅል ሽቦው ብክነት ደግሞ ከጭነቱ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ጭነቱ ግማሽ ሲሆን ብክነቱ ሩብ ይሆናል።

ሻጩን ሁለቱንም ቁጥሮች ለየብቻ በዋት ጠይቁ። "ቅልጥፍናው 98 በመቶ ነው" የሚል መልስ አትቀበሉ። ለምሳሌ የ200ው ዋጋ ማቅረቢያ 480 ዋት የብረትና 2,600 ዋት የሙሉ ጭነት ሽቦ ብክነት፣ የ315ቱ ደግሞ 670 እና 3,650 ዋት ይላል እንበል።

የዛሬው ከፍተኛ ጭነት 111 ኬቪኤ ነው። በዚያ ሰዓት የ200ው ሽቦ 800 ዋት፣ የ315ቱ 450 ዋት ገደማ ያባክናል። ሌሊትና እሑድን ጨምሮ የዓመቱ አማካይ የከፍተኛው ሩብ ያህል ነው ብንል፣ 200 እና 113 ዋት ይሆናሉ። የብረቱን ስትጨምሩበት 200ው 680፣ 315ቱ 783 ዋት፤ በ8,760 ሰዓት ሲባዛ 5,960 እና 6,860 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ትልቁ በየዓመቱ 900 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የበለጠ ይበላል፤ ያውም ባዶውን እየተንጎራጎረ።

ጭነቱ ቀንም ሌሊትም ከፍ ብሎ ለሚቆይ ሕንፃ፣ ለምሳሌ ለሆቴል ወይም ማቀዝቀዣ ክፍል ላለው መጋዘን፣ ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ሳይሆን አሠራሩን ያዙ።

ትራንስፎርመሩ ሲመጣ የፋብሪካ የፍተሻ ወረቀቱን ተቀበሉ። የዓለም አቀፉ መስፈርት እያንዳንዱ ብክነት እስከ 15 በመቶ፣ ድምሩ ግን ከ10 በመቶ ሳያልፍ እንዲበልጥ ይፈቅዳል። ከዚያ ካለፈ መልሱት።

ደረጃ 4፦ ኢምፒዳንሱን አንብቡ፣ ብሬከሮቹን ከእሱ ጋር አስታርቁ

ስም ሰሌዳው ላይ በመቶኛ የተጻፈው ኢምፒዳንስ የሚነግራችሁ፣ ትራንስፎርመሩ ሾርት ሲገጥመው ጅረቱን ምን ያህል እንደሚገታ ነው። በዚህ መጠን 4 በመቶ የተለመደ ነው። 200ው በ400 ቮልት 289 አምፒር ይሰጣል፤ ሾርት ሲሆን፦

```
Isc = 289 / 0.04 = 7225 A
```

የተፈቀደው ልዩነት 10 በመቶ ስለሆነ ኢምፒዳንሱ 3.6 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ 8,000 አምፒር ይደርሳል። ይህ የመስመሩን ኢምፒዳንስ ሳንቆጥር ነው፤ እውነተኛው ከዚህ ያነሰ ይሆናል፣ ለብሬከር ምርጫ ግን በትልቁ አስቡ።

አሁን ወደ ማከፋፈያ ቦርዱ ሂዱ። በየትንንሽ ብሬከሮቹ ፊት በሳጥን ውስጥ 6000 ወይም 10000 የሚል ጽሑፍ አለ። ያ ብሬከሩ ሳይፈነዳ ሊያቋርጠው የሚችለው ጅረት ነው። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ባለው ዋና ቦርድ ላይ 6000 የተጻፈበት መግባት የለበትም፤ 10000 ያለው ይበቃል። 315ቱን ብትገዙ ግን ሾርቱ ከ11,400 እስከ 12,600 አምፒር ስለሚሆን 10000ዎቹም አይበቁም፤ ቦርዱን በሙሉ መቀየር ሊመጣ ነው። ባለቤቱ ትልቁን ሲመርጡ ይህ ወጪ ዋጋ ማቅረቢያው ላይ አይታያቸውም።

ኢምፒዳንሱ ከፍ ቢል ሾርቱ ይቀንሳል፣ ግን ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ይበልጥ ይወርዳል። የእኛ ፓምፕ ሲነሳ 100 አምፒር ያህል ይስባል፤ ይህ 70 ኬቪኤ ገደማ ስለሆነ በትራንስፎርመሩ ላይ የሚያወርደው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። መብራቱ በግልጽ ብልጭ ካለ ጥፋቱን ቀጭን ገመድ ላይ ፈልጉ።

ዋናውን ብሬከር 320 አምፒር የሚስተካከል አድርጉና 0.9 ላይ አስቀምጡት፤ 288 አምፒር ይሆናል። ትራንስፎርመሩን ከመጠን በላይ ጭነት የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀጥሎ እንደምታዩት የምሰሶው ፊውዝ ይህን ሥራ አይሠራም።

ደረጃ 5፦ የመነሻ ጅረቱን ከፊውዙ ጋር አነጻጽሩ

ትራንስፎርመር ኃይል ሲገባበት፣ ምንም ጭነት ባይኖረውም፣ ለጥቂት ዙሮች ትልቅ ጅረት ይስባል። መብራት ሲሄድ የብረት እምብርቱ ውስጥ የተረፈ ማግኔትነት ይቀራል። ሲመለስ የቮልቴጁ ሞገድ በማይመች ቅጽበት ከያዘው፣ አዲሱ ማግኔትነት በተረፈው ላይ ይደረብና ብረቱ ይጠግባል። የጠገበ ብረት ጅረት የመግታት አቅሙን ያጣል። ባለሙያዎች ኢንረሽ የሚሉት ይህን ነው። ቅጽበቱ በዕድል ስለሆነ አምስቴ ሳይበጥስ በስድስተኛው ይበጥሳል፤ "ትናንት እኮ ደህና ነበር" የሚባለውም ለዚህ ነው። በክረምት ነጎድጓድ መብራት በቀን ሦስት አራቴ ሲሄድና ሲመጣ ዕጣው ብዙ ጊዜ ይወጣል ማለት ነው።

ለፊውዝ ምርጫ የሚሠራበት ልማድ፣ የሙሉ ጭነት ጅረትን 12 እጥፍ ለ0.1 ሰከንድ፣ 25 እጥፍ ለ0.01 ሰከንድ ሳይጎዳ መቻል አለበት ይላል።

```
I1 = 200 / (1.732 x 15) = 7.7 A
12 x 7.7 = 92 A   (0.1 s)
25 x 7.7 = 192 A  (0.01 s)
```

ለድሮፕ አውት የሚሸጡት ኬ ዓይነት ፊውዞች በ0.1 ሰከንድ መቅለጥ የሚጀምሩበት ዝቅተኛ ጅረት ይህ ነው፦

| ፊውዝ | አምፒር |
|---|---|
| 6 ኬ | 72 |
| 8 ኬ | 97 |
| 10 ኬ | 128 |
| 15 ኬ | 215 |

የተለመደው ስህተት እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጅረቱ 7.7 ነው፣ ስለዚህ 8 ይበቃል ተብሎ 8 ኬ ይገጠማል። 97 ከ92 ይበልጣል፣ በወረቀት ያልፋል። ግን ፊውዙ መብራት ከመሄዱ በፊት በጭነት ሞቆ ነበር፤ ደጋግሞ የመጣው ኢንረሽም ሽቦውን በከፊል አቅልጦ አሳስቶታል። አንድ ቀን ያለ ምንም ሾርት ይበጠሳል። ከ92ቱ ላይ ቢያንስ 25 በመቶ ትርፍ ጠብቁ፤ 115 ይሆናል፤ 10 ኬ ይመረጣል። በ0.01 ሰከንዱም ችግር የለበትም።

10 ኬ ያለማቋረጥ 15 አምፒር ይሸከማል፤ ይህ የትራንስፎርመሩ ሙሉ ጭነት እጥፍ ማለት ይቻላል። ከመጠን በላይ ጭነትን ለዋናው ብሬከር የተውነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ላይ እንመልከት። በምሳሌአችን ቅርንጫፍ ላይ የ50 እና የ100 ኬቪኤ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ የቅርንጫፉ ፊውዝ 15 ኬ ነው። መብራት ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ። ከእኛ 200 ጋር 350 ኬቪኤ፣ 13.5 አምፒር፣ 12 እጥፉ 162 ይሆናል። 25 በመቶ ሲጨመርበት 202 ነው፤ ከ215 በታች ስለሆነ ያልፋል።

315ቱ ቢሆንስ? ድምሩ 465 ኬቪኤ፣ 17.9 አምፒር፣ 12 እጥፉ 215። ምንም ትርፍ ሳይኖረው የቅርንጫፉ ፊውዝ መቅለጫ ላይ ቁጭ አለ። ለራሱም ቢሆን 15 ኬ ይፈልጋል፤ የላዩና የታቹ እኩል ሲሆኑ ሾርት ሲመጣ የትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም። ለጋሼ የምትመልሱት ይህንን ነው፦ ትልቁ ትራንስፎርመር የጎረቤቱን መብራት ይዞ ይጠፋል።

በመጨረሻ ቅደም ተከተሉን ፈትሹ። በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል የሦስት ፌዝ ሾርት ሲኖር በ15 ኪሎ ቮልት በኩል የሚታየው 7.7 ለ0.04 ተካፍሎ 192 አምፒር ነው። 10 ኬ በዚህ ጅረት ከ0.1 ሰከንድ በታች ይጨርሳል፤ 15 ኬ መቅለጥ የሚጀምረው ከ0.1 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው። ሕጉ የታችኛው ፊውዝ አጠቃላይ የማቋረጫ ጊዜ የላይኛው መቅለጥ ከሚጀምርበት ጊዜ 75 በመቶ እንዳያልፍ ነው፤ ይህን በአምራቹ ኩርባ ላይ አረጋግጡ። ሾርቱ በ15 ኪሎ ቮልት በኩል፣ ትራንስፎርመሩ ራስ ላይ ከሆነ ግን ጅረቱ እጅግ ስለሚበዛ ሁለቱም አብረው ሊበጠሱ ይችላሉ። ይህን በፊውዝ ምርጫ ብቻ አታስቀሩትም።

ደረጃ 6፦ ኃይል ስታስገቡ

1. ዋናውን ብሬከርና ሥሩ ያሉትን ሁሉ ክፈቱ።
2. ድሮፕ አውቶቹ ሦስቱም ይዘጉ፤ ባለሙያው በአንዱና በሌላው መካከል አይዘግይ።
3. በዋናው ብሬከር መግቢያ ሦስቱንም ፌዝ ከኒውትራል ጋር ለኩ። 230 አካባቢ ካልሆነ ኃይል ይቋረጥና የቮልቴጅ ማስተካከያው ይዙር፤ በየደረጃው 2.5 በመቶ ነው። ኃይል እያለ ፈጽሞ አይነካም።
4. ዋናውን ብሬከር ዝጉ፤ ከዚያ መብራት፣ ሱቆች፣ ካፌ፣ ፓምፕ፣ በመጨረሻ ምጣዶቹን አስገቡ። ረጅም ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከነበረ ፍሪጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነሱ በየክፍሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ።

ፊውዙ አሁንም ከተበጠሰ

የትኛው ፌዝ እንደጠፋ ምሰሶ ሳትወጡ በመለኪያ ታውቃላችሁ። ዲዋይኤን 11 በሚባለው የተለመደ ግንኙነት አንድ የላይኛው ፊውዝ ሲበጠስ፣ አንዱ ፌዝ 230 ሆኖ ይቀራል፣ ሁለቱ ወደ 115 ይወርዳሉ። ሱቅ ውስጥ መብራቱ ደም መስሎ ሲደበዝዝ፣ ፍሪጁ ሳይነሳ ሲያጉረመርም የምታዩት ይህ ነው። ሞተሮቹን ወዲያው አጥፉ፤ በዚህ ቮልቴጅ ይቃጠላሉ።

ቀጥሎ መቼ እንደተበጠሰ ጠይቁ። ዋናው ብሬከር ተከፍቶ፣ ኃይል በገባበት ቅጽበት ከሆነ ወይ ፊውዙ አንሷል ወይ ትራንስፎርመሩ ውስጡ ተጎድቷል። መጠኑ ደረጃ 5ን ካለፈ አንድ ጊዜ ብቻ በባለሙያው አዲስ አስገጥሙ፤ ሦስቱንም በአንድ ላይ አስቀይሩ፣ ያልተበጠሱትም ተጎድተዋልና። ደግሞ ከተበጠሰ ቁሙ። የኢንሱሌሽን ልኬትና የጥቅል ሬሾ ፍተሻ ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ 15,000 ለ231፣ ማለትም 65 ገደማ መምጣት አለበት። አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ ከተለየ ጥቅሉ ውስጥ ሾርት አለ።

ኃይል ከገባ በኋላ በሥራ ሰዓት ከተበጠሰ ኢንረሽን ተዉት፤ ከዋናው ብሬከር በፊት ያለውን ገመድ አስፈትሹ። ከብሬከሩ በኋላ ያለ ሾርት ከሆነ ቀድሞ መውደቅ የነበረበት ብሬከሩ ነው፤ ካልወደቀ ማስተካከያው ተነካክቷል።

ባለሙያዎቹ ምሰሶ ላይ ወጥተው በፊውዙ ቦታ የመዳብ ክር ታስሮ ካገኙ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። 10 ኬ መልሰው ካስገቡ በኋላ ከሚበጠስበት ቅጽበት ተነስታችሁ ከላይ ያለውን ፍለጋ እንደገና ጀምሩ።